ጽፈሽ አምጪው፣ እኔ እፈርማለሁ

እጆቿ የክፍል ቁልፎችን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። አንዱን ታነሣለች፣ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ናስ ታሻለች፣ ወደ ብርሃኑ አዙራ ታያለች፣ መንጠቆው ላይ ትሰቅልና ሌላውን ታነሣለች። ቁልፎቹ አልቆሸሹም። ልጄ ሐሳብ ሲገባት እጇ ሥራ ካልያዘ አይሆንላትም። ሕፃን ሆና እንኳ ስታኮርፍ ጥግ ይዛ የኔን የተወሳሰበ ክር ስትፈታ ነበር የምትውለው።

ልጄ ስል የልጄ ልጅ ማለቴ ነው። እናቷ ስትሞት እኔ ጋ ቀረች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ደግሞ እሷ ናት። እሷ በሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ እኔ ከመቀበያው ጀርባ ባለችው የአንሶላ ክፍል ተቀምጬ የተቀደደ አንሶላና መጋረጃ እጠግናለሁ። በሩ ገጥሞ ስለማይዘጋ የሚነገረው ሁሉ ይሰማኛል፣ በክፍተቱም ትከሻዋን አያለሁ። የሰው ፊት ሊዋሽ ይችላል፣ የሷ ትከሻ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።

ያን ጠዋት የጨነቃት ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ እንዴት አድርጋ እንደምትጠይቀው ነበር። አደባባዩ ጋ ያለው ትልቁ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ተመዘገበች፣ ፈተናውን አለፈች፣ ቃለ መጠይቁንም አለፈች። የሚጀመርበት ቀን ተነገራት። እዚህ ደግሞ አንድ ወር ቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ የመልቀቂያ ማመልከቻዋን አስገባች። የቀራት ሁለት ወረቀት ብቻ ነበር። አንዱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፤ እሱን የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊው ያለ ጭቅጭቅ ሰጣት። ያ ወረቀት ከመቼ እስከ መቼ በምን ሥራ ላይ እንደነበረች ይናገራል እንጂ እንዴት ያለች ሠራተኛ እንደነበረች አይናገርም። እሱን የሚናገረው ሁለተኛው፣ የድጋፍ ደብዳቤው ነው፤ መስጠት የሚችለውም ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛው በሌለበት «ይታያል» ይለዋል። ምን ብትጠይቀው መልሱ ይኸው ነው። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ውኃ ያፈሳል ስትለው ይታያል። የዓመት ፈቃዴ ደረሰ ስትለው ይታያል። የገዛ ቢሮው ስልክ እንኳ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ይታያል እንዳለ ቀርቶ፣ ሰው ሲደውልለት እየወጣ በመቀበያው ስልክ ነው የሚያወራው። አጣቢዋ፣ ምላሷ ከሳሙናዋ ይበልጥ የሚያጥብ ሴት፣ «እሱ የሞተ ቀን መልአኩን ራሱ ይታያል ይለዋል» ትለን ነበር።

ልጄንም ይታያል አላት። በሳምንቱ ስትጠይቀው ደገመላት። በሦስተኛው ጊዜ ግን ቆም ብሎ አያት።

«እኔ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ጽፈሽ አምጪው፣ እኔ እፈርማለሁ።»

እሷ ግራ ተጋብታ ስታየው፣ ምን አዲስ ነገር አለው ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ አዲስ አልነበረም። በዚያ ሆቴል የለቀቀ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ ነው ያስፈረመው። ሾፌሩም ወጥ ቤቱም እንዲሁ አድርገው ነው የሄዱት። ማንም ነውር ነው ብሎ አስቦት አያውቅም።

አንሶላ ክፍል ገብታ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀመጠችና ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ጽፋ ትጨርሰው ነበር፤ ስለ ራሷ ሲሆን እጇ ከበዳት። በሰዓቷ ትገባለች ብላ ጻፈች፣ ሥራዋን ታውቃለች ብላ ጻፈች፣ እዚያ ላይ ቆመች። አጣቢዋ የተተኮሰ አንሶላ ይዛ ገብታ በትከሻዋ ላይ አነበበች።

«ይኼማ የሰዓት ድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሰዓትም በሰዓቱ ይገባል» አለቻት። «ቆንጆ ናት፣ ባል የላትም ብለሽ ጨምሪበት።»

ሳቅን። ከዚያ አጣቢዋ ቁጭ ብላ ያን ቀን አስታወሰቻት። ሁለት ቡድን እንግዳ ባንድ ቀን፣ ለነዚያው ክፍሎች ተመዝግቦ የመጣበት ቀን ነው። የመዘገበው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነበር። ሁለተኛው አውቶቡስ በር ላይ ሲቆም እሱ ስብሰባ አለኝ ብሎ በጓሮ በር ወጣ። ልጄ ሻንጣቸውን ይዘው የሚጮኹትን ሰዎች አስቀመጠች፣ ሽማግሌዎቹንና ልጅ የያዙትን ለይታ ባለው ክፍል አስገባች፣ ለቀሩት ጎረቤት ካሉ ማረፊያዎች ክፍል ለመነችላቸው፣ ራሷ ይዛቸው ሄዳ ቁልፋቸውን አስረከበቻቸው። በነጋታው ሁሉም ለቁርስ የመጡት እኛ ጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያኔ በፊት በር ገብቶ፣ እንዴት አደራችሁ እያለ በየጠረጴዛው ዞረ።

«ይህን ጻፊ» አለች አጣቢዋ።

ጻፈችው። ግን መጨረሻው ላይ «በሥራ አስኪያጁ መሪነት» የሚል ጨመረችበት። አጣቢዋ ተናዳ አንሶላዋን ይዛ ወጣች። እኔ ስፌቴን ቀጠልኩ። ልጄ ሰው እንዳይከፋው የምትጨነቅ ልጅ ናት፤ ያንን ደግሞ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

በንጹሕ ገልብጣ ወሰደችለት። የመቀበያው ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ሲያነብ እሰማው ነበር። ጥሩ ሠራተኛ ናት የሚለው ላይ ሲደርስ ከንፈሩን መጠጠ። ለትልቅ ሆቴል ጥሩ ማለት መናቅ ነው፣ እጅግ ድንቅ በይበት አላት። አፍራ ተለማመጠችው። እስክሪብቶውን አውጥቶ ራሱ ሰረዘው፣ ራሱ ጻፈበት። ሌላም ዓረፍተ ነገር ጨመረ። «እሷ ከሌለች ይህ ሆቴል አይቆምም።» ጮክ ብሎ አነበበውና እንዲህ ነው የሚጻፈው አለ። እንደገና በንጹሕ ገልብጣ አመጣችለት፣ ፈረመ። የሱ እጅ ያረፈበትን ወረቀት ቀድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ሁሉም ሰው ረቂቅ ይቀድዳል፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

በኋላ ስልክ ላይ ያደረገውን ያኔውኑ አስቦበት ነው ወይስ እዚያው ነው የመጣለት፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አጣቢዋ ያኔውኑ ነው ትላለች። ያ ትልቅ ሆቴል በፊት እሱንም ፈትኖ የመለሰው ነው፣ እሱ የተመለሰበት ቤት የሱ ሠራተኛ ልትገባ ነው ትላለች። ደግሞ ወቅቱ እንግዳ የሚበዛበት ነበር፤ በልጄ ቦታ ሊያስቀምጣት ያመጣት የእህቱ ልጅ እንግዳ ሲቆጣ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትሸሽ ነበረች። ልጄ እያሠለጠነቻት ነበር። ቅሬታ ያለውን እንግዳ መጀመሪያ አስቀምጪው፣ የቆመ ሰው ቁጣው አይበርድለትም እያለች ስታስተምራት እሰማለሁ።

ደብዳቤው ፖስታ ውስጥ ገባ፣ ፖስታው ታሸገ፣ ማሸጊያው ላይ ማኅተም አረፈበት፤ የተከፈተ ፖስታ ትልቁ ሆቴል አይቀበልም። ልጄ ሄዳ አስረክባ መጣች። ያን ማታ ቤት ስንገባ የሥራ ልብሷን አንገትጌ ፈትቼ ገለበጥኩላት፤ ያረጀው ወደ ውስጥ፣ አዲሱ ወደ ውጭ። እዚያ ሌላ ልብስ ይሰጡኛል እማ አለችኝ። ግድ የለም፣ እስከዚያ ድረስ አልኳት።

ትልቁ ሆቴል ደብዳቤ ብቻ አይቶ አያምንም። ይደውላል። የሚደውለውም በሆቴሉ መስመር ስልክ ነው፤ በእጅ ስልክማ ማንም ዘመድ ተነሥቶ ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ ሊል ይችላል። የኛ መስመር ስልክ ደግሞ የሚጮኸው መቀበያው ላይ ነው።

ስልኩ የጮኸው እንግዶች ክፍል በሚለቁበት ሰዓት ነው። ልጄ ፊት አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው ቆሞ ሒሳቡን ይጠብቃል። አነሣችና እንደ ሁልጊዜዋ የሆቴሉን ስም ጠርታ ምን ልታዘዝ አለች። ወዲያው ትከሻዋ ቀጥ አለ። ይጠብቁኝ እባክዎ አለች፣ የእህቱን ልጅም ሥራ አስኪያጁን እንድትጠራ ላከቻት።

እሱ መጥቶ ስልኩን ተቀበላት። እሷ ዞር ማለት አትችልም፣ እንግዳው ቆሟል። በክፍተቱ የማየው ሁለቱን ጎን ለጎን ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ፊርማውም የኔ ነው፣ ማኅተሙም የኛ ነው።»

ሰማ። ልጄ እንግዳውን፣ ከክፍሉ ማቀዝቀዣ የወሰዱት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም አላት።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «እሷ ከሌለች አይቆምም የሚለውን? እሱን እንኳ የኔ አትበሉት። ደብዳቤውን የጻፈችው እሷው ናት።»

የማተሚያው ማሽን ወረቀቱን እየገፋ ያንቋርራል።

«አዎ፣ ራሷ። ጽፋ አመጣችልኝ፣ ፈረምኩ። የሰው እንጀራ ለምን እዘጋለሁ ብዬ ነው።»

እንደገና ሰማ። ከትልቁ ሆቴል የደወለችው ሴት የጠየቀችውን በኋላ ነው ያወቅነው። በእንዲህ ያለ ስልክ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነው፤ ተመልሳ ብትመጣ ትቀጥሯታላችሁ ወይ ነው የሚሉት። እሱ ባንኮኒውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «እሱን ባልመልስ ይሻላል» አለ።

ልጄ ሒሳቡን ቀድዳ በሁለት እጇ ለእንግዳው ሰጠችው። መልካም መንገድ አለችው፣ ፈገግ ብላ። ሰውየውም ፈገግ ብሎ ሄደ።

ስልኩ ተዘጋ። ልጄ ቀና ብላ አየችው።

«ምነው? ውሸት ተናገርኩ?» አላት።

«አልዋሹም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ታዪኛለሽ? ሌላ እንግዳ ቆሟል።»

እኔ መርፌዬን አንሶላው ላይ ሰክቼ ወጣሁ። የምለውን አላዘጋጀሁም ነበር። ልጄ ምን አደረገችህ፣ ጻፊ ያልካት አንተ፣ ያጋነንከውም አንተ አልኩት። እሱ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክንዴን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ በሩ መለሰኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ስፌትዎን ይስፉ። አንሶላ የሚጠግን ሰው እኮ ሞልቷል።»

ልጄ ይህን ስትሰማ፣ ግቢ እማ አለችኝ። ድምፅዋ ልመና ነበር። ገባሁ።

በነጋታው ፈቃድ ሳትጠይቅ ትልቁ ሆቴል ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈቃድ የቀረችበት ቀን ያ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ አላስጠበቀቻትም፣ ወንበርም ሰጠቻት። የቆመ ሰው እንዳይቆጣ የሚያስቀምጡት እንዲህ እንደሆነ ልጄ ታውቃለች፤ ወንበሩን ስታየው ያኔውኑ ተረድታዋለች። ጻፊ ብሎኝ ነው የጻፍኩት፣ ያንን ቃል የጨመረውም እሱ ነው ብላ ነገረቻት። ኃላፊዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«አምንሻለሁ» አለቻት። «ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አብሮሽ የሠራ አለቃሽ ስልክ ላይ ካልቆመልሽ፣ አንድ ቀን ብቻ ያየሁሽ እኔ አለቆቼ ፊት እንዴት ልቁምልሽ?»

ቦታውን ለተጠባባቂዋ ሰጥተው ነበር። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ሴትየዋ ደግ ናት አለችኝ። እኔም ደግ ናት አልኩ። ደግ ሰው የዘጋውን በር ደጋግመው እንኳ አያንኳኩትም።

ያኔ የመልቀቂያው ወር እያለቀ ነበር። ትልቁ ሆቴል ቀርቷል፣ ትንሹም ሊያመልጣት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብታ ማመልከቻዋን ማንሣት እንደምትፈልግ ነገረችው። በሩን አልዘጋውም፤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ ሳይሆን አይቀርም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ሰምተሻል?» አላት።

ሰምቻለሁ አለች።

ከዚያ፣ ማመልከቻው በስሕተትና ባለማመዛዘን የገባ መሆኑን ገልጻ፣ ይቅርታ ጠይቃ እንድትጽፍ ነገራት። «ጽፈሽ አምጪው፣ ይታያል» አለ።

ጽፋ አመጣችለት። አንሶላ ክፍል ውስጥ አልነበረም የጻፈችው፤ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆማ ነው፣ በሁለት እንግዳ መካከል። ይቅርታዋን ፋይሏ ውስጥ አስገባውና መለሳት። ግን ዋና እንግዳ ተቀባይዋ አሁን የእህቱ ልጅ ናት፣ አንቺ በሷ ሥር ነሽ ተባለች። የእህቱ ልጅ ራሷ አፍራ ነበር። እንግዳ ሲቆጣ አሁንም ትሸሻለች፣ ልጄ ሰውየውን አስቀምጣ ስታበርድ፣ ሁሉ ነገር ሲረጋጋ ትመለሳለች። አጣቢዋ ለጥቂት ጊዜ ቀልድ አቆመች። ከዚያ አንድ ቀን፣ «ያለ እሷ ሆቴሉ አይቆምም ያለው ለካ እውነቱን ነው፣ ስለዚህ አሰራት» አለች። ማንም አልሳቀም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ አልጽፈውም ነበር። ሰው ሲበደል አይቻለሁ፣ ለእያንዳንዱ ወረቀት አላነሣም።

ዓመት ሳይሞላ ትልቁ ሆቴል እንደገና እንግዳ ተቀባይ ፈለገ። የእህቱ ልጅ ተመዘገበች። ፈተናውን አለፈች፤ ልጄ ነበረች ያስጠናቻት። እነሱም የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ወደ መቀበያው መጥቶ ልጄን ጠራት። ለእህቱ ልጅ ሳይሆን ለልጄ ነበር የተናገረው።

«የጽሑፍ እጅሽ ጥሩ ነው። ጻፊላትና አምጪው።»

ልጄ መጀመሪያ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ አንሶላ ክፍል ገብታ ያችው ብርድ ልብስ ላይ ተቀመጠች። ምን ልትጽፊ ነው አልኳት። የምታውቀውን እጽፋለሁ እማ አለችኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ ለምን በኔ ትጠየቃለች አለች። ጻፈች። ቁጣን የምታበርድ፣ እንግዳ የማትረሳ፣ የተደራረበ ምዝገባ ቢያጋጥማት ሽማግሌዎቹንና ሕፃናት የያዙትን የምታስቀድም ብላ ጻፈች። ከፊሉ ልጅቷ የተማረችው ነው። ከፊሉ የራሷ የልጄ ነው። ደብዳቤው ቆንጆ ነበር። አንብባልኝ አለቀስኩ፤ ለራሷ ስትጽፍ ያልወጣት ቃል ሁሉ እዚያ ነበር።

ፈረመ፣ አንዲት ቃል ሳይነካ። ስልኩም ተደወለ፣ ጠዋት፣ ያው ሰዓት። ያነሣችው ልጄ ናት። ይጠብቁኝ እባክዎ ብላ ጠራችው። የቢሮው ስልክ አሁንም አልተሠራም።

«አዎ፣ ፊርማው የኔ ነው» አለ። «ቃሉም የኔ ነው። እያንዳንዱን ቃል ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ተመልሳ ብትመጣማ በሩ ክፍት ነው።»

ልጄ አጠገቡ ቆማ ነበር። ጨርቋን አነሣችና ቁልፎቹን መወልወል ጀመረች፤ አንዱን ታነሣለች፣ ታሻለች፣ ትሰቅላለች። ፊቷ ለእንግዳ የምታሳየው ፊት ነበር። ትከሻዋን ግን አየሁት።

የእህቱ ልጅ አሁን ትልቁ ሆቴል ናት። ስታገኘን ትስመናለች፤ መጥፎ ልጅ አይደለችም። ልጄ ከዚያ ወዲህ የትም አላመለከተችም። ለምን ስላት፣ ማን ይመሰክርልኛል እማ ትለኛለች። ምስክር የምሆናት እኔ ብቻ ነኝ፤ የአያት ምስክርነት ግን በየትኛውም መሥሪያ ቤት ወረቀት አይደለም።

ስለዚህ እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሆቴል አርፋችሁ ስትወጡ፣ ቁልፉን የተቀበለቻችሁ ልጅ በደንብ አስተናግዳችሁ ከሆነ፣ መኪናው ቢቸኩልም ትንሽ ቆማችሁ ወረቀት ጠይቋት። ያደረገችላችሁን በራሳችሁ እጅ ጻፉ፣ ስማችሁንና ስልካችሁን ከሥሩ አድርጉ፣ ለሷም ስጧት። ከተደወለላችሁም አንሡ፤ ቃሉ የኔ ነው በሉ።